«እማማ፣ እንዴት አደርክ?»

«ልጅን ‹ሰላም በል› እያሉ ማለማመድ በቀቀን ማሳደግ ነው። ልጅ የሚማረው በማየት ነው። እኛ ወላጆች ሰው ስናገኝ በአክብሮት ሰላም ካልን፣ ማንም ሳያስጠናው አንድ ቀን ራሱ ይጀምራል። ትርጉሙ ሳይገባው የሚደግመው ሰላምታ ባዶ ነው። ዓይን አፋር ከሆነ ደግሞ ጭንቀት ብቻ ነው የምናተርፍለት። እንግዳ እንዲስመው ማስገደድማ ነውር ነው። በ21 ቀን ልማድ ይያዛል የሚሉትም ልጅን ከማሽን የቆጠሩ ናቸው።»

ይህን ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ለምን ለእኔ እንደላኩት ይገባኛል። 11 ዓመት መዋለ ሕፃናት አስተምሬያለሁ፤ የየቀኑ የመጀመሪያ ሥራዬ በር ላይ ቆሜ ልጆችን መቀበል ነበር። ከጸሐፊዋ ጋር በሁሉም ነገር አልጣላም። በአንዳንዱ ነጥብ እንዲያውም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ዋናው ላይ ግን ተሳስተዋል። ያሳሳታቸው ደግሞ አማርኛችን ራሱ ይመስለኛል።

ከማየቱ ልጀምር። በማየት ብቻ የሚያዝ ነገር ብዙ ነው። ልጅ ጫማ ማውለቅ፣ ቡና መቁላት፣ ስልክ ጆሮ ላይ ለጥፎ ወዲያ ወዲህ ማለት ማንም ሳያስተምረው ይቀዳል። ሰላምታ ግን አቅጣጫ አለው። ለእኔ የሚባለውና እኔ የምለው አንድ አይደለም።

እስቲ የ3 ዓመት ወንድ ልጅ በቀን ምን ዓይነት ሰላምታ እንደሚሰማ አስቡት። እናቱ «እንዴት አደርክ የኔ ጌታ» ትለዋለች። አባቱ «አደርክ ጎበዝ?» ይለዋል። ሞግዚቷ፣ ጎረቤቷ፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም «አደርክ» ነው የሚሉት። ለእሱ የተባለው የጠዋት ሰላምታ በሙሉ በ‹ክ› ያልቃል። ታዲያ አያቱ ሲመጡ ምን ይበል? የሰማውን ነዋ። «እማማ፣ እንዴት አደርክ?» ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ሽበታም አያቷን «አባባ፣ እንዴት አደርሽ?» ትላቸዋለች። በር ላይ ቆሜ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቤት ይቁጠረው። ልጁ አልባለገም። በደንብ አይቷል፣ በደንብ ሰምቷል፣ በደንብ ቀድቷል። የቀዳው ግን ለልጅ የሚባለውን ነው።

«አደሩ» የሚለውን ከየት ያምጣው? ትልልቆች እርስ በርስ ሲባባሉ ከሰማ ብቻ ነው። እናቱ ደግሞ አብዛኛውን ቀን የምትውለው ከእኩዮቿ ጋር ነው። ደረጃ ላይ ጎረቤቷን ስታገኝ «እንዴት ነሽ፣ ጠፋሽ እኮ» ነው የምትለው። የአክብሮቱን ሰላምታ ልጁ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ቢሰማ ነው። እሱንም ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ሆኖ፣ ለሌላ ሰው ሲባል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ልጁ «አደሩ»ን ያውቀዋል፤ ግን ለሌላ ነገር ነው የሚያውቀው። «እንግዶቹ እኛ ቤት አደሩ» ሲባል ሰምቷል። ለእሱ «አደሩ» ማለት እነሱ፣ ብዙ ሰዎች፣ እዚህ የሌሉ ሰዎች ማለት ነው። አሁን ፊቱ የቆሙ አንድ አያት አሉ። ለአንድ ሰው የብዙ ሰው ግስ ተጠቀም ነው የምንለው። ለእኛ ምንም አይደለም። ለ3 ዓመት ልጅ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

በዚያ ላይ አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ አሉ። አራት ናቸው። ይህን በዋለና በአመሸ ስታባዙት 12 ይሆናል። ልጁ በሩ በተከፈተበት ቅጽበት ከ12 አንዱን መምረጥ አለበት። ዓይኑን ቀና ማድረግ፣ እጁን መዘርጋት፣ ጎንበስ ማለት አለበት። ይህ ሁሉ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው። በማየት የሚመጣ ነገር አይደለም። በተናጋሪው ቦታ ላይ ሆኖ ደጋግሞ መሞከርን ይጠይቃል።

የእህቴን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ማሙሽ እንበለው። ያኔ 4 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። በእንቁጣጣሽ አያቱ ከደብረ ብርሃን መጡ። ልጁ ሶፋ ጀርባ ገባና አልወጣ አለ። እህቴ «ና ሰላም በላቸው! ምን ሆነሃል? ዓይን አፋር እኮ ነው» እያለች ጎተተችው። እሱ ማልቀስ ጀመረ። ሴትየዋ ምንም አላሉም፤ ግን ከፋቸው። ለገና እመለሳለሁ ብለው ሄዱ። ኅዳር አጋማሽ ላይ እህቴ ደወለችልኝ። ስድስት ሳምንት አካባቢ ነበረን።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከጨዋታ ውጪ ምንም አልሠራንም። ማታ ማታ፣ ሁለት ደቂቃ። መጀመሪያ ያደረግነው ቦታ መለዋወጥ ነው። ማሙሽ ነጠላ ደርቦ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ እማማ እሱ ሆነ። እኔ ልጅ ሆኜ በበሩ ገባሁ። በግራ እጄ የቀኝ ክንዴን ደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» አልኩት። በሳቅ ሞተ። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን እንደ ትልቅ ሰው ኮስተር ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እደጊ» አለኝ።

ይህ ቧልት አይደለም። ልጁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አደሩ» ለእሱ ሲባል ሰማ። ፊቱ ላለ አንድ ሰው የሚባል ቃል መሆኑን በራሱ ላይ አየው። ከሁለት ቀን በኋላ ቦታ ተቀያየርን። ሦስት አራት ዙር ከተጫወትን በኋላ ገና «እንደገና!» እያለ እናቆማለን። እስኪሰለቸው ከቆያችሁ በማግስቱ አይመጣም።

ሰውነቱ ከአፉ በፊት ገባው። ክንድ መደገፉንና ጎንበስ ማለቱን በሁለተኛው ቀን ያዘ። ቃሉ ዘገየ። እህቴን «እጁን በትክክል ከሰጠ አፉን አትጠይቂው» አልኳት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስንጠይቅ ሁለቱንም ይተዋል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ታች ወረድን። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በር ላይ አንድ አዛውንት ጥበቃ አሉ። የመረጥናቸው በየቀኑ ስለሚያገኛቸው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመጣ እንግዳ ላይ መለማመድ አይቻልም፤ እንግዳ ፈተና ነው እንጂ ልምምድ አይደለም። እህቴ ቀድማ አነጋገረቻቸው። «ጋሼ፣ ልጁ ሰላም ሊልዎት እየተለማመደ ነው። ትንሽ ይታገሡት፣ ካለም ይመልሱለት» አለቻቸው። ይህ መቅረት የለበትም። ልጅ አፉን ከፍቶ ሰላም ብሎ ትልቁ ሰው ሳይሰማ ካለፈ፣ የሳምንት ሥራ ገደል ይገባል።

ጠዋት ደረጃው ላይ አንዴ ያስታውሱታል። «ታች ማን አሉ?» «ጋሼ።» «ምን እንላቸዋለን?» «እንዴት አደሩ።» በሩ ጋ ሲደርሱ እህቴ መጀመሪያ ሰላም ትላለች። ከዚያ ዝም። በልቧ እስከ አምስት ትቆጥራለች። ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር። አምስት ሰከንድ ሰው ፊት ሲቆም ዓመት ይሆናል። ግን ልጅ ቃሉን ለማምጣት ጊዜ ያስፈልገዋል። እኛ በሁለተኛው ሰከንድ ላይ «በል እንጂ!» ስንል ሊወጣ የነበረውን እንውጠዋለን።

አራት ቀን እጅ ብቻ ሰጠ። በአምስተኛው ቀን ከእናቱ ሱሪ ጀርባ ተደብቆ አንሾካሾከ። ጥበቃው ዝቅ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እደግ ተመንደግ» አሉት። ከዚያ በኋላ ድምፁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨመረ።

በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» ተመልሶ መጣ። እህቴ ደነገጠች። እኔ እጠብቀው ነበር። ድምፁ ሲለቀቅ ቀድሞ የሚወጣው ሺህ ጊዜ የሰማው ነው። ሰው ፊት አላረመችውም። «አዎ፤ ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ትክክለኛውን ራሷ ከኋላው ታስከትላለች፣ አለቀ። «አደርክ አይባልም፣ ነውር ነው» ብንለው ኖሮ የሚይዘው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፦ ዝም ማለት ይሻላል።

አራተኛው ሳምንት ላይ እህቴ እየሳቀች ደወለች። ልጁ የጎረቤቷን የ5 ዓመት ልጅ ሚሚን «እንዴት አደሩ?» ብሏታል። ድመቷንም እንዲሁ። ለበቀቀን ክርክር መልሴ ይኸው ነው። በቀቀን የተነገረውን መልሶ ይላል እንጂ ድመት አያከብርም። ማሙሽ ሕጉን ይዞ ለሁሉም ማደል ጀምሯል። ድንበሩ ነው የቀረው። ልጅ «አደሩ»ን ያለ ቦታው ሲያበዛ ካያችሁ አትዘኑ፤ ሥራው እየሄደ ነው።

ትርጉሙም የመጣው በዚሁ በኩል ነው። በአምስተኛው ሳምንት ምሳ ላይ «ሚሚን ለምንድነው አደሩ የማልላት?» ብሎ ጠየቀ። እህቴ «ትንሽ ስለሆነች፤ ጋሼ ግን ትልቅ ሰው ናቸው፣ እናከብራቸዋለን» አለችው። «እማማስ?» «እማማም።» «ባባስ?» ባባ አባቱ ነው። እዚህ ላይ እህቴ ራሷ ትንሽ ተቸገረች፤ በቤታቸው አባት «አንተ» ነው የሚባለው። ቤት ለየቅል ነው ብላ አለፈችው። ልብ በሉ፣ ጥያቄው የመጣው ቃሉ አፉ ውስጥ ስለነበረ ነው። ቃሉ ባይኖረው ምኑን ይጠይቅ ነበር? ከ4 ዓመት ልጅ ጋር ስለ አክብሮት ማብራሪያ መቀመጥ ሞክሬ አውቃለሁ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ጫማውን እየፈታ ነው።

ጸሐፊዋን የምደግፍበት አንድ ቦታ «ሰላም በል» ላይ ነው። ድግግሞሽ ጥሩ ነው ማለት «በል በል» ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አስቴር ግሪፍና ጂን በርኮ ግሊሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 22 ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ከወላጅ ጋር ለመጣው ልጅ አንዲት እንግዳ ሰላም ትለዋለች፣ ስጦታ ትሰጠዋለች፣ ደህና ሁን ትለዋለች። በራሳቸው አፍ ሰላምታውን የመለሱት ልጆች ጥቂት ነበሩ። ምስጋናማ ከሁሉም ያነሰ ነው። ወላጅ «በል» ሲል ግን አብዛኞቹ አሉ። ሌላም ነገር ታየ፤ ለዚያችው እንግዳ ራሳቸው ወላጆቹ ሲያመሰግኑና ሲሰናበቱ፣ እናቶች ከአባቶች በልጠው ተገኙ። አባቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ እናንተን አያለሁ።

ችግሩ እንግዲህ እዚህ ነው። በየጊዜው «ሰላም በል» የሚባል ልጅ የሚማረው ሰው ሲያይ ሰላም ማለትን አይደለም፤ «በል» ሲሰማ ሰላም ማለትን ነው። መለየት ከፈለጋችሁ አንድ ቀን ዝም በሉ። ልጁ ሰውየውን ሳይሆን እናንተን ቀና ብሎ ካየ፣ ፊሽካ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ትንንሾቹ እንዲያውም ሰውየውን «ሰላም በል!» ብለው ቁጭ ይላሉ። መውጫው እርዳታውን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። መጀመሪያ ሙሉውን አብራችሁት በሉ። ቀጥሎ «እንዴት…» ብላችሁ ተዉት። ከዚያ በዓይን ብቻ። ከዚያ ምንም። ወደ ኋላ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ብቻ ተመለሱ እንጂ ከመጀመሪያው አትጀምሩ።

ዓይን አፋርነት ላይ ብዙ አልቆይም። እንግዳ ሲያይ የሚደበቅ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቀው ሰውየው ብቻ አይደለም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አለማወቁም ነው። እጁ ምን እንደሚሠራ ያወቀ ልጅ ግማሹ ጭንቀት ይቀልለታል። ለእንዲህ ያለ ልጅ እርምጃውን አሳንሱለት፦ አንድ ሳምንት ቀና ብሎ ማየት፣ አንድ ሳምንት እጅ ማውለብለብ፣ ከዚያ እጅ መስጠት፣ ቃል መጨረሻ። ደግሞ እባካችሁ ሰው ፊት «ዓይን አፋር ነው» አትበሉ። ልጁ ይሰማል፤ ስሙ ይመስለዋል። አንድ ነገር ግን ለዩ። ቤት ውስጥ እንደ ልቡ የሚያወራ ልጅ ትምህርት ቤት ከጀመረ ከመጀመሪያው ወር በኋላም እዚያ ፈጽሞ የማይናገር ከሆነና ይህ ከወር በላይ ከቆየ፣ የሰላምታ ልምምድ መፍትሔው አይደለም። የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

መሳሙ ላይ ጸሐፊዋ ትክክል ናቸው። ጉንጩን ማን ይሳመው የሚለው የልጁ ጉዳይ ነው። ግን አያት ፊት ባዶ እጁን አታቁሙት። ክንድ ደግፎ መጨበጥና ጎንበስ ማለት ልጁ በጉንጩ ፋንታ የሚሰጠው ነገር ነው፤ ለአያትም የጎደለ አክብሮት አይደለም። እህቴ ለአያቱ በስልክ «እጁን ይስጥዎት፤ መሳሙን እሱ ሲፈልግ ይሁን» ብላ ቀድማ ነገረቻቸው። «ምን አዲስ ነገር አመጣሽ» አሏት፤ ግን እሺ አሉ።

21 ቀኑ ተረት መሆኑ ላይም እንስማማለን። ቁጥሩ የወጣው ማክስዌል ማልትዝ የሚባል የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ከጻፈው ነው። እሱ ያለው ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይወስድባቸዋል ነው። ኋላ ለንደን ውስጥ 96 ጎልማሶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አንድ ልማድ ያለ ማሰብ እስኪደረግ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ገመተ። መካከለኛው 66 ነው። ጥናቱ ውኃ መጠጣትን በመሰለ ቀላል ነገር ላይ ነው፣ ያውም በትልልቆች፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለልጅ አልወስደውም። የምወስደው ሌላውን ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል አይጎዳም። ማሙሽ ጉንፋን ይዞት አራት ቀን ከቤት አልወጣም። በአምስተኛው ቀን ጥበቃው ጋ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር እንጂ አልጠፋም። ጸሐፊዋ ከቁጥሩ ጋር ልምምዱንም አብረው መጣላቸው ነው ያልገባኝ።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ነገሩ ይብሳል። ሜሪላንድ ያለች ጓደኛዬ ቤት አማርኛ የሚናገረው እናትና አባት ብቻ ነው፤ ሁለቱም «አንተ» እና «አንቺ» ናቸው። ልጇ «አደሩ» የሚባልለት አንድም ሰው በአካል የላትም። ያለችው የስልክ አያት ናት፣ እሷም በሳምንት አንዴ። ሰዓቱም ይምታታል። በእነሱ በጋ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲደውሉ አዲስ አበባ ከሰዓት 9 ነው። ልጅቷ ፒጃማ ለብሳ «እንዴት አደሩ» ስትል አያቷ ምሳ ከበሉ ቆይተዋል። ጓደኛዬ ያደረገችው ቀላል ነው። ከመደወላቸው በፊት «እማማ ጋ ፀሐይ የት ናት?» ብላ ትጠይቃታለች፣ ከዚያ «ዋሉ»ን አንዴ አብረው ይሉታል። የቤተ ክርስቲያን እናቶችንም አንድ ሁለት መርጣ እሑድ እሑድ ቋሚ ተቀባይ አድርጋቸዋለች።

ወደ ማሙሽ ልመለስ። አያቱ በገና ዋዜማ ደረሱ። መንገድ ተጨናንቆ ስለነበር በሩ የተንኳኳው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። እህቴ እንደተለማመደችው ዝም አለች። ልጁ ሶፋውን አየት አደረገ። ከዚያ መጣ። በግራ እጁ ክንዱን ደገፈ፣ ጎንበስ አለ፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» አለ።

አያቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፤ ገና አመሸን እንጂ መች አደርን» አሉት።

«አመሹ»ን የጀመርነው በማግስቱ ነው።